ጉም የቆረጠው ቃል

ዐጭር መሆንና መቆረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ከተቀባዩ እጅ ሲደርሱ ሁለቱም አንድ መልክ ይዘው ይቀርባሉ፤ ጥቂት ቃላት፣ ከዚያም ባዶ ወረቀት። ላኪው የሚለውን ሁሉ ብሎ ዝም አለን? ወይስ ሊል ያሰበውን ሳይጨርስ አንደበቱ ተያዘ? ባዶው ወረቀት ራሱ ለዚህ መልስ አይሰጥም። ይህ ጥያቄ በአንድ ወቅት የአንድን ታላቅ አገር ንጉሥና ሚኒስትሮች ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አሳድሯቸዋል። ነገሩ የሆነው በ1836 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማማ ላይ የሚናገሩ ክንዶች

የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ከመምጣቱ በፊት ፈረንሳይ ክሎድ ሻፕ በተባለ ሰው የተፈለሰፈ የዐይን ቴሌግራፍ ነበራት። በየኮረብታውና በየቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ እንጨት ይተከላል፤ በሁለቱም ጫፎቹ እንደ ክንድ የሚታጠፉ ሁለት ዘንጎች ይንጠለጠሉበታል። ከሥር የተቀመጠው ሠራተኛ በገመድ እየሳበ አግዳሚውንና ክንዶቹን በልዩ ልዩ ማዕዘን ያቆማቸዋል። በሚቀጥለው ማማ ያለው ባልደረባው ደግሞ በሩቅ ማሳያ መነጽር ተመልክቶ ያንኑ ቅርጽ በራሱ ማማ ላይ ይደግማል። ቅርጹ እንዲህ ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ፣ ሰማዩ የጠራ እንደሆነ፣ ከስትራስቡርግ እስከ ፓሪስ ያለውን ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰው ነበር።

የማማው ሠራተኞች የሚያስተላልፉትን አያውቁትም። ትርጉሙን የሚያውቁት በመስመሩ ጫፍ ያሉት፣ የምስጢሩን መዝገብ የያዙት ኃላፊዎች ብቻ ናቸው። ከ1795 ጀምሮ በተሠራበት መዝገብ 92 ገጾች፣ በያንዳንዱም ገጽ 92 ቃላት ወይም ሐረጎች ነበሩ። የመጀመሪያው ቅርጽ ገጹን፣ ሁለተኛው በገጹ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር ያመለክታል። ስለዚህም አንድ ቃል ለማለት ሁለት ቅርጽ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ጉም ቢወርድ ተቀባዩ ገጹን ይዞ ቃሉን ያጣል። ከዚህም ሌላ ለመልእክት ያልሆኑ፣ ለሥራው ብቻ የተመደቡ ምልክቶች ነበሩ፤ መስመሩ መከፈቱን፣ ሥራው መዘጋቱን፣ ስሕተት መፈጠሩን፣ ጉም መውረዱን የሚናገሩ ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የመሣሪያው ሠሪዎች ዝምታ ብቻውን ምንም እንደማይናገር ዐውቀው ነበር። ስለዚህም መጨረሻው በምልክት እንዲነገር፣ መቋረጡም በምልክት እንዲነገር አደረጉ። የእኛ የብራና ጸሐፊ በድርሰቱ መጨረሻ «ተፈጸመ» ብሎ የሚጽፈው ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ቃል በኋላ ያለው ባዶ ቦታ የጎደለ ቅጠል አለመሆኑን አንባቢው ይረዳል።

ዐጭር፣ ግን ሙሉ

የመጀመሪያው የሻፕ መስመር ከፓሪስ እስከ ሊል የተዘረጋው በ1794 ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መጨረሻ በዚህ መስመር አንድ ዐጭር ዜና ፓሪስ ገባ፤ ካርኖም ለብሔራዊው ጉባኤ አሰማው። ፍሬ ነገሩ የኮንዴ ከተማ ወደ ሪፑብሊኩ እጅ መመለሷንና የጠላት ጦር በዚያው ዕለት ጧት በ6 ሰዓት፣ በእኛ አቈጣጠር በ12 ሰዓት፣ እጁን መስጠቱን የሚገልጽ ነበር። ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም።

በዜናው ውስጥ ያልተነገረው ብዙ ነው። ስንት ሰው ሞተ? ስንት መድፍ ተማረከ? ይሁን እንጂ ከጉባኤው መካከል መልእክቱ ተቆርጦ ይሆናል ብሎ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ምክንያቱም በዜናው ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ ጉዳዩን ፈጽሟል። ከተማዋ ተጠራች፣ የደረሰባት ተነገረ፣ ጊዜው ተወሰነ። ጉባኤውም በዚያው ቀን የከተማዋን ስም «ነጻ ሰሜን» ብሎ ለውጦ፣ ለሰሜኑ ጦር ምስጋናውን በዚያው መስመር መልሶ ላከ። እንግዲህ ዐጭር መልእክት ብዙ ነገር ሊተው ይችላል፤ ዕዳ ግን አይተውም። አንዱ ቃል ሌላውን ጠርቶ በር ላይ አያቆመውም።

የጥቅምት 31 ሌሊት

ከ42 ዓመት በኋላ ጥቅምት 31 ቀን 1836 ከምሽቱ ላይ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ጋስፓሬን ከስትራስቡርግ የመጣ መልእክት ይዞ ወደ ባልደረባው ወደ ጊዞ መጣ። ጊዞ በዚያን ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ነበር፤ የዚያን ሌሊት ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ በትዝታ መጽሐፉ ጽፎልናል። መልእክቱ የተጻፈው ባለፈው ቀን ጧት ነው። የናፖሌዎን የወንድም ልጅ የሆነው ሉዊ ናፖሌዎን፣ የመድፈኞቹን አዛዥ ኮሎኔል ቮድሬን የምስጢሩ ተካፋይ አድርጎ፣ በማለዳ የስትራስቡርግን ጎዳናዎች ከአንድ የ... ክፍል ጋር እንደ ዞረ ይናገርና እዚያው ላይ ይቆማል። የምን ክፍል? የአንድ ክፍለ ጦር? የጠቅላላው ሰራዊት? የሕዝቡ? አይታወቅም።

በወረቀቱ ላይ የቴሌግራፍ መስመሮች ዋና አስተዳዳሪ የነበረው አልፎንስ ፉዋ ማስታወሻ ጨምሮበት ነበር። ማስታወሻው ሁለት ነገር ይላል፦ አንደኛ፣ ከበታቻቸው የተሰመረባቸው ቃላት አጠራጣሪ ናቸው፤ ሁለተኛ፣ በመስመሩ ላይ የወረደው ጉም የመልእክቱን መጨረሻ ለመቀበልም ሆነ አጠራጣሪውን ለማጣራት አላስቻለም።

ሚኒስትሮቹ ወዲያውኑ ወደ ቱሌሪ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ባሉበት ተሰብስበው ያቺን ግማሽ ዐረፍተ ነገር ሲመረምሩ ዐደሩ። የቀረው ቃል «ተያዘ» ከሆነ ነገሩ የአንድ ጧት ወሬ ነው፤ «ከተማዋን ያዘ» ከሆነ ግን የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ነው። የዐይን ቴሌግራፍ በጨለማ አይሠራምና ጉሙ ቢገፈፍ እንኳ እስኪነጋ ተስፋ አልነበረም። ሲነጋጋም መልሱ የመጣው ከማማው ላይ ሳይሆን በመንገድ ነው፤ የጄኔራል ቩዋሮል ረዳት መኮንን ከስትራስቡርግ ገስግሦ ደረሰ። ሙከራው በፊንክማት የጦር ሰፈር እግረኞቹ እንቢ ስላሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሽፎ፣ ልዑሉም ኮሎኔሉም ተይዘው ነበር። ሚኒስትሮቹ ሌሊቱን ሲፈሩት ያደሩት ነገር፣ መልእክቱ ፓሪስ ከመግባቱ ከአንድ ቀን በፊት አልቆ ነበር።

ጉሙ ትንሽ ቀድሞ ቢወርድስ?

የፈረንሳይ ሚኒስትሮች መልእክቱ የተቆረጠ መሆኑን እንዴት ዐወቁ? የመጀመሪያው ምስክር ሰዋስው ነው። «ከአንድ የ... ክፍል ጋር» ብሎ የሚያበቃ ሰው የለም፤ «ክፍል» የሚለው ቃል የተበደረውን ሳይከፍል ቀርቷል።

ነገር ግን ይህ ምስክር የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በፈረንሳይኛ ግሡ ቀድሞ ይመጣል፤ «ዞረ» ካለ በኋላ ነው የት እንደ ዞረና ከማን ጋር እንደ ዞረ የሚናገረው። ጉሙ ከጥቂት ቅርጾች በፊት ወርዶ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ «በስትራስቡርግ ጎዳናዎች ዞረ» ብሎ በቆመ፣ ዐረፍተ ነገሩም ሙሉ መስሎ በታየ ነበር። አንባቢው አንድ ወጣት ልዑል ከአንድ ኮሎኔል ጋር በከተማ ሲንሸራሸር ታየ ብሎ ሊረዳው ይችላል። በአማርኛ ቢሆን ግን ነገሩ ይለያል። የእኛ ግሥ መዝጊያ ነውና መልእክቱ በየትም ቦታ ቢቆረጥ መጉደሉ ወዲያው ይታወቃል፤ በአንጻሩ ደግሞ ሰውየው ምን እንዳደረገ ከነጭራሹ አይታወቅም። ፈረንሳይኛው ድርጊቱን አስቀድሞ መቆረጡን ሊሰውር ይችላል፤ አማርኛው መቆረጡን ገልጦ ድርጊቱን ይሰውራል። በአንድ ዐረፍተ ነገርና በሌላው መካከል የመጣ መቆረጥን ግን የትኛውም ቋንቋ አያሳይም።

ስለዚህ ከሰዋስው የጸና ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ እርሱም የመዝጊያው ምልክት ነው። የፉዋ ማስታወሻ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። የሚጠበቀው መዝጊያ አለመድረሱን፣ ያልደረሰበትንም ምክንያት ተናገረ። ከዚህም አልፎ ሁለቱን ጉድለት ለየ። የመጨረሻው መጥፋት አንድ ነገር ነው፤ የመካከሉ መደብዘዝ ሌላ ነው። በጭጋግ ውስጥ የታየ ክንድ በአንድ ማዕዘን ቢሳሳት ሌላ ቃል ይሆናልና፣ የደረሰውም ሁሉ እኩል የሚታመን አይደለም።

ሦስተኛውን ምስክር የሚሰጠው የላኪው ጠባይ ነው። ዐመፅ መነሣቱን የሚያስታውቅ ሹም፣ ዐመፁ የት እንደ ደረሰ ሳይናገር በፈቃዱ ዝም አይልም። ሆኖም ይህ ምስክር ደካማው ነው፤ ራሱ ላኪው በዚያ ሰዓት ገና መጨረሻውን ሳያውቅ ጽፎ ሊሆን ይችላልና።

ለሕዝቡስ? ሕዝቡ ከሦስቱ ምስክሮች ሁለቱን አጥቷል። የምስጢሩ መዝገብም፣ የማማዎቹ ምልክትም በመንግሥት እጅ ነበር። መንግሥት «ጉም ቆረጠው» ብሎ ባሳተመ ጊዜ፣ ጉሙ በሰማይ ላይ ይሁን በሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ አንባቢው የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። እንግዲህ ከዐጭሩና ከተቆረጠው ሌላ ሦስተኛ ዐይነት አለ፤ ሆን ተብሎ ተቆርጦ በአጋጣሚ የተቆረጠ የሚመስል። እርሱን የሚያጋልጠው የቃሉ መልክ ሳይሆን የመንገዱ መዝገብ ነው፤ የትኛው ማማ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳየ የሚናገረው።

ቃል የሚቆጥረው ጸሐፊ

የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ጉምንና ሌሊትን ድል ነሣ፤ ነገር ግን ጥያቄውን አባሰው። ክፍያው በቃል ሆነና ሰው ሁሉ ቃል መቆጠብ ጀመረ። አያያዡ፣ መስተዋድዱ፣ ነጥቡ ቀረ። ሁሉም መልእክት የተቆረጠ ሲመስል በእውነት የተቆረጠውን ሰዋስው ሊያሳየን አይችልም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ የቃላቱ ቁጥር ከመልእክቱ ፊት እንዲጻፍ ተደረገ። በአገራችንም ቴሌግራም የላከ ሰው ጸሐፊው ቃላቱን አንድ በአንድ በብዕር ጫፍ እየነካ ሲቆጥር ያስታውሳል። ቁጥሩ ለሒሳብ ብቻ አልነበረም። አንድ ልጅ «አባባ ታመው ነበር ድነዋል አትምጣ» የሚል ቴሌግራም ተላከለት እንበል፤ 5 ቃል ነው። ከሁለተኛው ቃል ላይ ቢቆረጥ «አባባ ታመው» ይላልና ጉድለቱ ይታያል። ከሦስተኛው ላይ ቢቆረጥ ግን «አባባ ታመው ነበር» ይላል፤ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ልጁም ጓዙን ይሸክፋል። በራሱ ላይ 5 ቁጥር ካለ ግን ተቀባዩ ጸሐፊ ቆጥሮ ሁለት ቃል መጉደሉን ያውቃል፤ እንዲደገምለትም ይጠይቃል።

የቱሌሪዋ ሌሊት ያልነበራት ይህን ነበር። ሚኒስትሮቹ መልእክቱ መቆረጡን እንጂ የቀረው አንድ ቃል ይሁን አንድ ገጽ አያውቁም ነበር። ላኪው አስቀድሞ መጠኑን ቢነግራቸው ኖሮ ፍርሃታቸውን ባያስወግድላቸውም በልክ ባደረገላቸው ነበር። ያ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተንጠልጥሎ የቀረው ልዑል በ1852 ናፖሌዎን ሣልሳዊ ተብሎ ነገሠ። የመልእክቱ ቀሪ ቃላት ጠፍተው የቀሩት ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር፤ የልዑሉ ሐሳብ ግን ከዚያች ጧት በኋላ 16 ዓመት ጠብቆ ተፈጸመ።