የዱር እንስሳትና የዕፅዋት ተፈጥሯዊ ሥርጭት ፎቶ የተነሣበትን ስፍራ እንዴት ይጠቁማል?

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የእሳት ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ በቅጠልና በአፈር እሳቱን ለማጥፋት ተረባርቧል። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ደግሞ ሄሊኮፕተር ለእርዳታ መጥተዋል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ብዙ ፎቶዎች በማኅበራዊ የመገናኛ መድረኮች ይዘዋወራሉ። ከፎቶው ሥር የተጻፈው የቦታ ስም ግን ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። የሌላ ተራራ ወይም የሌላ ዓመት ቃጠሎ በአዲስ ስም ሊቀርብ ይችላል፤ የተሳሳተ ቦታም እርዳታን ያሳስታል፤ ዘመድ በዚያ ያለውንም ሰው ያስደነግጣል።

ጽሑፍን ማንም ሊለውጠው ይችላል። በፎቶው ውስጥ የሚታየው ተክልና እንስሳ ግን በዘፈቀደ አይገኝም። እያንዳንዱ ዝርያ የሚኖርበት ተፈጥሯዊ ክልል አለው፤ ያ ክልል በሚገባ ከታወቀ ፎቶው የት ሊነሣ እንደሚችል፣ ከዚያም ይልቅ የት ሊነሣ እንደማይችል ያመለክታል።

ጠቃሚው ምልክት የትኛው ነው?

አንድ ዝርያ ለዚህ ሥራ የሚኖረው ዋጋ በሥርጭቱ ጥበት ይለካል። ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍሎች ተተክሎ ይገኛል። ስለዚህ በፎቶ ውስጥ ባሕር ዛፍ መታየቱ ስለ ቦታው የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ቁልቋል በለስም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ በመሆኑ እንደዚሁ ነው። ሰው ተክሎ ወይም አርብቶ ያሰራጨው ዝርያ ተፈጥሯዊ ወሰኑን ስለሚያልፍ፣ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ በራሱ የበቀለ ነው ወይስ የተተከለ?» የሚለው ነው።

ዋልያ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዱር የሚኖረው በሰሜን ተራሮችና በአቅራቢያቸው ባሉ ገደላ ገደል ስፍራዎች ብቻ ነው። በፎቶው ላይ ያለው እንስሳ በርግጥ ዋልያ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ቦታው ከሞላ ጎደል ታወቀ ማለት ነው። ጭላዳ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ውጭ በዱር አይገኝም፤ ይሁን እንጂ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በደብረ ሊባኖስ፣ በወሎ፣ እንዲሁም ከስምጥ ሸለቆ በስተደቡብ በአርሲ በኩል ይኖራል። ስለዚህ አገሩን ይነግራል እንጂ ተራራውን ለይቶ አይነግርም።

ዝርያውን መለየት

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ሥርጭቱን በማንበብ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ዝርያውን በመለየት ላይ ነው። ለዚህ ዋልያ ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። በእስራኤል በኤን ጌዲና በሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ በረሃማ ተራሮች የሚኖር የኑቢያ ፍየል የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ ወደ ኋላ የቆለመሙ ትልልቅ ቀንዶቹ ሲታዩ ብዙ ሰው «ዋልያ» ብሎ ይጠራዋል። ይሁን እንጂ የኑቢያው ፍየል ጠጉር ፈዛዛ የአሸዋ መልክ ያለው ሲሆን፣ የዋልያ ጠጉር ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ዋልያ በአካሉ ይገዝፋል፤ ቀንዱ ይወፍራል፤ በግንባሩም ላይ ጉብ ያለ አጥንት ይታያል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም፤ የጠጉር ቀለም በብርሃን ይለወጣልና።

በዕፅዋት በኩል ደግሞ የአካባቢ ስም ያሳስታል። በደጋማ አካባቢዎች «ጅብራ» ሲባል ከአንድ በላይ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በተራራ አናት በሚገኝ ሣር ላይ እንደ ዘንባባ ለብቻው ቀጥ ብሎ የሚቆመውና ሰይፍ የመሰሉ ቅጠሎቹ በጫፉ ላይ የተሰበሰቡት ዝርያ የኢትዮጵያ ብርቅዬ ነው። በላቲን ስሙ Lobelia rhynchopetalum ይባላል። ከዚያ ዝቅ ባለ ከፍታ በጫካ ዳርና በወንዝ ዳር የሚበቅለው Lobelia gibberroa ግን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እስከ ማላዊ ድረስ ይገኛል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የቆጠረ ሰው በኬንያ ጫካ የተነሣውን ፎቶ «ከኢትዮጵያ በቀር ሊሆን አይችልም» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የተራራ አናትን ከተራራ አናት ለመለየት ሌላ ጠቃሚ ተክል አለ፤ ዴንድሮሴኔሲዮ ይባላል። ግንዱ ወፍራም ነው፤ ብዙ ጊዜ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የደረቁ ቅጠሎች ግንዱን እንደ ካባ ይሸፍኑታል፤ በየቅርንጫፉ ጫፍም እንደ ጎመን የተሰበሰበ ቅጠል ይታያል። ይህ ተክል በኬንያ ተራራ፣ በኪሊማንጃሮ፣ በሩዌንዞሪና በአካባቢያቸው ባሉ ተራሮች የሚበቅል ሲሆን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የለም። በአንድ ፎቶ ውስጥ ከታየ ከሥሩ የሰሜን ተራሮች ወይም የባሌ ስም ቢጻፍም መግለጫው መጣል አለበት።

ሥርጭቱ ከየት ይገኛል?

ለዕፅዋት በስምንት ቅጽ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ቀዳሚ ምንጭ ነው። ለየዝርያው የታየባቸውን ክፍሎች፣ ማለትም ጎንደር፣ ጎጃም፣ ሸዋ፣ አርሲ፣ ባሌ እያለ ይዘረዝራል፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ የከፍታ ወሰኑንም ያስቀምጣል። ለእንስሳት በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ውስጥ የየዝርያው ካርታ ይገኛል። GBIF በተባለው የመረጃ ቋት ደግሞ የላቲኑን ስም በመጻፍ በመዘክሮች ከተቀመጡ ናሙናዎችና ከተመልካቾች የተሰበሰቡ የመገኛ ነጥቦችን ማየት ይቻላል።

ሁለቱ ዓይነት ካርታዎች አንድ አይደሉም። የወሰን ካርታ ሰፊውን ክልል በቀለም ስለሚሞላ እንስሳው የማይኖርበትን ሸለቆና እርሻ ሁሉ ያካትታል። የነጥብ ካርታ ሰው ሄዶ ያየበትን ብቻ ያሳያል፤ መንገድ በሌለበት ስፍራ ነጥብ አለመኖሩ ዝርያው የለም ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ iNaturalist ላይ ለሚመዘገቡ፣ ለአደን ወይም ለዝርፊያ ለተጋለጡ ዝርያዎች ትክክለኛው ነጥብ ሆን ተብሎ ይሰወራል፤ የሚታየው ነጥብ ከእውነተኛው ስፍራ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ አንድን ነጥብ ይዞ መንደር መጥራት ስሕተት ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር

ለምሳሌ ያህል «የሰሜን ተራሮች ዛሬ እየተቃጠሉ ነው» የሚል መግለጫ ያለው ፎቶ አለ እንበል። በሩቁ ጢስ ይታያል። በመካከል ጅብራዎች ቆመዋል። ከግራ በኩል የአስታ ቁጥቋጦ አለ። ከፊት ለፊት ሁለት ቀንዳም እንስሳት ወደ ጎን ዞረው ይታያሉ።

አስታ በአፍሪካ ብቻ ሳይሆን በደቡብ አውሮፓም ስለሚበቅል ለጊዜው ወደ ጎን ይተዋል። ጅብራው በተራራ አናት ሣር ላይ የሚበቅለው ዝርያ መሆኑ ከተለየ፣ ቦታው በኢትዮጵያ ውስጥ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ተራራ መሆኑ ይታወቃል። ይህ ግን ከሰሜን ተራሮች ሌላ ጮቄን፣ ጓሳን፣ የአርሲንና የባሌን ተራሮች ያስቀራል። መግለጫው እስከዚህ ድረስ እውነት ሊሆን ይችላል።

ወሳኞቹ ሁለቱ እንስሳት ናቸው። ቀንዳቸው ረጅምና ከአንድ ዙር በላይ የተጠማዘዘ ነው፤ አካላቸው ግዙፍ፣ መልካቸው ግራጫ ቡናማ ነው፤ በዓይኖቻቸው መካከል ነጭ መስመር፣ በጎናቸውም ነጭ ነጠብጣብ አለ። እነዚህ የደጋ አጋዘን ምልክቶች ናቸው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከድኩላ ጋር እንዳይምታታ ነው፤ ድኩላ በብዙ የአገሪቱ ደጋዎች ይገኛልና። ወንዱ የምኒልክ ድኩላ መልኩ ወደ ጥቁር ያደላል፤ አካሉ በጣም ያነሰ ነው፤ ቀንዱም አጭርና ቀጥ ያለ ነው።

እንስሳቱ የደጋ አጋዘኖች ከሆኑ መግለጫው ወደቀ። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች እንጂ በሰሜን ተራሮች አይኖርም። ስለዚህ የሁለቱ ዝርያዎች ክልል የሚገናኝበት ስፍራ አርሲና ባሌ ነው። ፎቶው ራሱ ከዚህ በላይ አይናገርም። ከዚያው ተከታታይ ፎቶ በአንዱ ላይ ከጉድጓዱ ብቅ ያለ ግዙፉ ፍልፈል ቢታይ ግን ክልሉ ወደ ባሌ ይጠባል፤ ይህ ፍልፈል የባሌ ተራሮች ብርቅዬ ነውና። የአፈር ቁልሉ ብቻውን አይበቃም፤ ተራው ፍልፈልም በሌሎች ደጋዎች ተመሳሳይ ቁልል ያወጣል።

የቀረው ሥራ የእንስሳት ሳይሆን የመሬት ቅርፅ ነው። በጠበበው ክልል ውስጥ የተራራውን ጫፍ መስመር፣ መንገዱንና ወንዙን ከሳተላይት ምስል ጋር በማነጻጸር ትክክለኛው ስፍራ ይፈለጋል። የዝርያ ሥርጭት የፍለጋውን ሜዳ ያጠብባል፤ ጣትን በአንድ ነጥብ ላይ የሚያሳርፈው የመሬቱ ቅርፅ ነው።

መደምደሚያው እስከምን ድረስ ይሄዳል?

በዚህ ዘዴ የሚታየው ነገር ማስረጃ ነው፤ የማይታየው ግን አይደለም። በምሳሌው ላይ ጭላዳ አለመታየቱ «ሰሜን ተራሮች አይደለም» ለማለት አያበቃም፤ ጭላዳዎች ከጢስ ርቀው ወይም ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ለውሳኔ ያበቃው የደጋ አጋዘን መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሁለቱ ዝርያዎች ምስል በአንድ ፎቶ ውስጥ ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከተለያዩ ፎቶዎች ተቆርጦ የተገጣጠመ ምስል ሁለት ክልሎችን በሐሰት ያገናኛል፤ የጥላዎቹ አቅጣጫና የብርሃኑ ዓይነት አለመስማማት ይህን ሊያጋልጥ ይችላል። ሦስተኛው፣ የእንስሳት ማቆያ ወይም የዕፅዋት ማዕከል አለመሆኑን ማየት ነው፤ አጥር፣ የተነጠፈ መንገድና ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ በረድፍ የቆሙ ተክሎች ምልክት ናቸው።

በመጨረሻም ዘዴው ስለ ቦታ እንጂ ስለ ጊዜ አይመሰክርም። ፎቶው የባሌ መሆኑ ቢረጋገጥም የዘንድሮ ወይም የዛሬ አምስት ዓመት መሆኑን አጋዘኑ አይናገርም። ስለዚህ በምሳሌው ላይ ተገቢው ውጤት የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «ፎቶው የተነሣው በሰሜን ተራሮች አይደለም፤ በባሌ ወይም በአርሲ ተራሮች ነው፤ የተነሣበት ቀን አልተረጋገጠም።»