ጋማ ግሎቡሊንና የጄል ዓምድ፦ የፕሮቲን ጥርቅም እንዴት ሊታይ ቻለ?

እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካዊው ሐኪም ኦግደን ብሩተን በደሙ ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን ያልነበረውን ልጅ ከሰው ደም በተለየ ጋማ ግሎቡሊን አከመ። መድኃኒቱ የተሰጠው ከቆዳ ሥር ነበር። ይኸው ዝግጅት በደም ሥር ሲሰጥ ግን በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ብርድ ብርድ ማለትን፣ ትኩሳትንና የደም ግፊት መውረድን አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ባራንዱንና ባልደረቦቹ ችግሩን ዝግጅቱ ኮምፕሊመንትን ከመቀስቀሱ ጋር አያያዙት። ቀስቃሾቹም በዝግጅት ወቅት እርስ በርስ የተጣበቁ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ጥርቅሞች ነበሩ።

ጥርቅሞቹን ለይቶ ለማየት የሚያስችለው መንገድ ቀደም ብሎ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ፖራትና ፍሎዲን በስዊድን ኡፕሳላ ከዴክስትራን የተሠራ፣ ቀዳዳ የበዛበት ጄል አስተዋወቁ። በጄሉ በተሞላ ዓምድ ውስጥ ፕሮቲን ሲያልፍ ትንሹ ሞለኪውል በየቀዳዳው እየገባ ይዘገያል፤ ትልቁ መግባት ስለማይችል ቀድሞ ይወጣል።

ይሁን እንጂ የመውጫው ቅደም ተከተል ብቻውን መጠንን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድሩስ ክብደታቸው የታወቁ ፕሮቲኖችን በማሳለፍ ዓምዱን መለኪያ አደረገው። ለምሳሌ ሰማያዊ ዴክስትራን በ8 ሚሊ ሊትር ቢወጣ፣ ይህ ከጄሉ ቅንጣቶች ውጭ ያለው መጠን (V0) ነው። የዓምዱ ጠቅላላ መጠን (Vt) 24 ሚሊ ሊትር ይሁን። የማንኛውም ፕሮቲን Kav ከመውጫው (Ve) በሚከተለው ይሰላል፦

Kav = (Ve − V0) / (Vt − V0)

158 ሺህ ዳልተን የሚመዝነው አልዶሌዝ በ12.8 ሚሊ ሊትር ቢወጣ ውጤቱ 0.30 ነው፤ 44 ሺህ የሚመዝነው ኦቫልቡሚን በ15.2 ቢወጣ 0.45 ይሆናል። ሌሎች መለኪያ ፕሮቲኖችም ተጨምረው ውጤቱ ከክብደቱ ሎጋሪዝም ጋር ሲነጻጸር ቀጥተኛ መስመር ይገኛል። በዚህ መስመር 150 ሺህ የሚመዝነው ነጠላ ጋማ ግሎቡሊን 12.9 አካባቢ፣ ጥንዱ ደግሞ 11.6 አካባቢ ይወጣል። በ8 ላይ የሚታይ ጉብታ ግን ትልቅ ጥርቅም መኖሩን እንጂ ትክክለኛ መጠኑን አያሳይም፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይወጣልና።

ዓምዱ በቀጥታ የሚለካው ክብደትን ሳይሆን በፈሳሽ ውስጥ የሚያዘውን ስፋት ነው። ስለዚህ እንደ ፋይብሪኖጅን ያለ ረዥም ፕሮቲን ከክብደቱ በላይ ሆኖ ይታያል። ጨው ባነሰበት ፈሳሽ ደግሞ ፕሮቲን ከጄሉ ጋር ተጣብቆ ይዘገያል፤ ከጠቅላላው መጠን በኋላ ከወጣ መጣበቁ ተረጋገጠ ማለት ነው። ጥርቅሙ ራሱ በማጣሪያ ላይ ሊቀር ስለሚችል የገባውና የወጣው የፕሮቲን መጠን መመሳከር አለበት።

የአውሮፓ ፋርማኮፒያ በደም ሥር ለሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን የነጠላውና የጥንዱ ድምር ቢያንስ 90 ከመቶ፣ የጥርቅሙ ድርሻ ቢበዛ 3 ከመቶ እንዲሆን ደንግጓል። ለጡንቻ በሚሰጠው ላይ እስከ 10 ከመቶ ይፈቅዳል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ጠርሙስ በመንገድ ላይ ቢቀዘቅዝና በረዶ ቢሆን ጥርቅም ሊፈጠርበት ይችላል፤ ፈሳሹም ለዓይን ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። «አይቀዝቅዝ» እና «በደም ሥር አይሰጥ» የሚሉት የመለያ ጽሑፎች የሚጠብቁት በዓይን የማይታየውን ይህንኑ ጥርቅም ነው።