የፍራሽ ማይትና አስም፦ አለርጂ ቀስቃሹ ሲቀንስ ሕመሙ ለምን አይቀንስም?

የቤት አቧራ አስም እንደሚቀሰቅስ ሐኪሞች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቁ ነበር። አቧራው ውስጥ ያለው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ግን ግልጽ አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኔዘርላንድ የላይደን ከተማ ተመራማሪዎች የሆኑት ፎርሆርስትና ስፒክስማ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ደርማቶፋጎይደስ የተባለውን የማይት ወገን ለይተው አመለከቱ። ማይት ስምንት እግር ያላት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ናት። ርዝመቷ የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ስለሆነ በዓይን አትታይም። እንደ ትኋን አትናከስም፣ ደምም አትመጥም። የምትመገበው ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። ሰው ከዕድሜው ሲሶ ያህሉን የሚያሳልፍበት ፍራሽና ትራስ ደግሞ ይህን ምግብ፣ ሙቀትንና የላብ እርጥበትን በአንድ ላይ ያቀርብላታል።

ለሕመሙ ዋነኛው መንስኤ የማይቷ ኩስ እንጂ ራሷ ማይቷ አይደለችም። ይህን በ1981 ያሳዩት ቶቪ፣ ቻፕማንና ፕላትስ-ሚልስ ናቸው። የኩሷ እንክብል መጠን ከ10 እስከ 40 ማይክሮን ይደርሳል። በውስጡም ደር ፒ 1 የሚባለው ፕሮቲን በብዛት ይገኛል። ይህ ፕሮቲን ለማይቷ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ነው፤ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይቆራርጣል። የሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ላይ ሲያርፍም ሥራውን አይተውም፦ የቧንቧውን ሽፋን ሴሎች እርስ በርስ አጣብቀው የሚይዙትን ማያያዣዎች በጥሶ ወደ ውስጥ ያልፋል። ለአለርጂ በተጋለጠ ሰው ላይ አይ.ጂ.ኢ. የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይመረታል። ከዚያ በኋላ እንክብሉ በተሳበ ቁጥር ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መዘጋት፣ ሳል፣ አንዳንዱም ላይ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይከተላል።

እንክብሎቹ ከባድ ናቸው። ፍራሹ ላይ ሲገላበጡ ወይም አንሶላ ሲነጠፍ ይነሣሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን መልሰው ይረጋሉ። የአየር ማጣሪያ መሣሪያ በማይት ላይ ብዙ የማይረዳው በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው አየሩን ሲያጣራ ሰውየው ፊቱን ትራሱ ላይ አድርጎ ተኝቷል፤ የሚስበውም ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነው። ስለዚህ የመከላከሉ ሥራ ከአየሩ ይልቅ ወደ አልጋው አተኮረ። በ1990 የታተመው የፑል ከተማ (እንግሊዝ) ጥናትም ይህን አቅጣጫ አጠናከረ፦ በአንድ ዓመታቸው በአንድ ግራም አቧራ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ደር ፒ 1 ባለበት ቤት የኖሩ ሕፃናት በ11 ዓመታቸው አስም የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካዎችም ቀዳዳው ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ፣ አየር እያሳለፈ ኩሱን የሚያግድ፣ በዚፕ የሚዘጋ የፍራሽና የትራስ ሽፋን ወደ ገበያ አቀረቡ። አመክንዮው የማያወላዳ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል። በ2003 በእንግሊዝ 1122 አዋቂ የአስም ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ እውነተኛ ሽፋን፣ ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ የይምሰል ሽፋን ተሰጣቸው። በስድስተኛው ወር ከፍራሻቸው የተሰበሰበው ደር ፒ 1 በእውነተኛው ሽፋን ተጠቃሚዎች ዘንድ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የትንፋሻቸው ኃይል ግን ከሌላው ወገን አልተለየም። በ12ኛው ወር የደር ፒ 1 ልዩነቱ ራሱ ደብዝዟል። በዚያው ዓመት በኔዘርላንድ የአፍንጫ አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናትም እንዲሁ አለርጂ ቀስቃሹ መቀነሱን፣ ሕመሙ ግን አለመቀነሱን አሳየ። በ2008 የኮክሬን ግምገማ 54 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ ማይትን ለመቀነስ የሚደረጉት እርምጃዎች ለአስም ጥቅም እንዳላቸው ማረጋገጫ አላገኘም።

ከዚህ ተነሥቶ «የፍራሽ ሽፋን ከንቱ ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ብዙ ሐኪሞችም ደምድመዋል። ለእኔ መደምደሚያው የቸኮለ ይመስለኛል። የእንግሊዙ ጥናት ውስጥ ከተካተቱት መካከል ሲሶ ያህሉ ለማይት አለርጂ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም አዋቂዎች ስለሆኑ የመተንፈሻ ቧንቧቸው ለዓመታት ሲቆጣ የኖረ ነው፤ ብዙዎቹም የሚሳብ ስቴሮይድ እየወሰዱ ነበር። እርምጃውም ሽፋን ብቻ ነበር፤ ምንጣፉ፣ ሶፋውና ልብሱ እንደነበሩ ቀርተዋል። ጥያቄው «ሽፋን ይሠራል ወይ?» ከሚለው ወደ «ለማን ይሠራል?» መዞር ነበረበት።

ይህን ጥያቄ በተሻለ መንገድ የጠየቀው በ2017 የታተመው የማንችስተር ጥናት ነው። የተመረጡት ከ3 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው፣ ለማይት አለርጂ መሆናቸው በምርመራ የተረጋገጠ፣ አስማቸው ተባብሶ ሆስፒታል የደረሱ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ፍራሹ፣ ትራሱና ብርድ ልብሱ በሙሉ ተሸፈነ፤ ለግማሾቹ በእውነተኛው፣ ለግማሾቹ በይምሰሉ። በዓመቱ መጨረሻ እውነተኛ ሽፋን ካገኙት 123 ልጆች 36ቱ፣ የይምሰል ሽፋን ካገኙት 118 ልጆች ደግሞ 49ኙ በአስም ምክንያት እንደገና ሆስፒታል ደርሰዋል። በመቶኛ ሲሰላ 29 እና 42 ያህል ነው። ይህም ማለት የስምንት ልጆች አልጋ ቢሸፈን በዓመት ውስጥ የአንዱ ልጅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይቀራል ማለት ነው። በትንንሾቹ ልጆች፣ ለማይት ብቻ አለርጂ በሆኑትና ሲጋራ በማይጨስበት ቤት በሚኖሩት ዘንድ ጥቅሙ ጎልቶ ታይቷል። የሚዋጥ ስቴሮይድ የሚያስፈልገው የሕመም መባባስ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላሳየም፤ ስለዚህ ውጤቱን ከልኩ በላይ ማጋነን አይገባም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በጅማና በዙሪያዋ በተደረገው፣ በ1997 በላንሴት መጽሔት በታተመው ጥናት፣ አስምና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኝቷል። ከተሜው ዘንድ የማይት አለርጂ ከሕመሙ ጋር በጥብቅ ተያይዞ ሲታይ በገጠሩ ነዋሪ ዘንድ ያ ግንኙነት አልታየም። ቆዳቸው ለማይት ምላሽ የሚሰጥ የገጠር ሰዎች ነበሩ፤ ትንፋሻቸው ግን ደህና ነበር። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ለሲር ሲር ትንፋሽ ያላቸው ዕድል ዝቅ ያለ መሆኑን አመለከተ። ትሉ የደም ማነስ ስለሚያመጣ መታከም አለበት፤ ነገር ግን ግኝቱ አንድ ነገር ያስረዳል። የማይት መኖር ብቻውን አስም አያደርግም፤ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ሁኔታም ይወስናል።

ስለዚህ ቤተሰቡ ገንዘቡን ሽፋን ላይ ከማውጣቱ በፊት መታወቅ ያለበት ልጁ ለማይት አለርጂ መሆኑ ነው። ጠዋት ሲነሣ ደጋግሞ ማስነጠስ፣ ሌሊት ማሳል፣ ከቤት ርቆ ሲያድር መሻል ጥርጣሬ ያሳድራሉ፤ ማረጋገጫ ግን አይሆኑም። የከሰል ጭስ፣ ሻጋታና በረሮም ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራሉ። የሚያረጋግጠው በክንድ ቆዳ ላይ የማይት ጠብታ ተደርጎ በመርፌ ጫፍ የሚሠራው ምርመራ ወይም የአይ.ጂ.ኢ. የደም ምርመራ ነው። የቆዳው ምርመራ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ እብጠት ካሳየ እንደ አዎንታዊ ይቆጠራል። የአለርጂ ክኒን ከቀናት በፊት ካልተቋረጠ ምርመራው በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል።

ከተረጋገጠ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያካትት መሆን አለበት። ትራሱ ተሸፍኖ ፍራሹ ክፍት ቢቀር፣ ወይም ታናሽ ወንድሙ የሚተኛበት አጠገቡ ያለው አልጋ ቢዘነጋ፣ ድካሙ ባክኖ ይቀራል። ሽፋኑ ፍራሹን ከስድስቱም ጎን የሚከብና በዚፕ የሚዘጋ ይሁን፤ የላይኛውን ገጽ ብቻ የሚያለብሰው ኩሱን በጎን ያስወጣል። በእኛ ቤት አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ ከነፋብሪካው ላስቲክ መተኛት የተለመደ ነው። ላስቲኩ ሳይቀደድ እስከቆየ ድረስ ኩሱን ያግዳል፤ ግን ላብ ያቁራል፣ በስፌቱ በኩልም ቶሎ ይቀደዳል። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ስስ ላስቲክ የመታፈን አደጋ ስላለው ፈጽሞ አይሆንም።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። ማይት የምትሞተው ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ውኃ ነው። የሚያሞቅ ማጠቢያ መሣሪያ በሌለበት ቤት ሂሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሁለት እጅ የፈላ ውኃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል 67 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ሳፋውና ጨርቁ የሚወስዱት ሙቀት ሲቀነስ ወደ 60 ይጠጋል። ልጆች እንዳይቃጠሉ ሳፋውን ማራቅ ያስፈልጋል። ሙቅ ውኃ የማይችሉት ጋቢና የሱፍ ብርድ ልብስ በቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠቡም ይጠቅማል፦ ማይቷ ትተርፋለች፣ ፕሮቲኑ ግን በውኃ ስለሚሟሟ አብዛኛው ታጥቦ ይሄዳል።

ማይት ውኃ አትጠጣም፤ የምትፈልገውን እርጥበት ከአየሩ ትስባለች። የቤቱ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ደርቃ ትሞታለች። የስዊዘርላንዷ ተራራማ ከተማ ዳቮስ ለአስም ሕሙማን መታከሚያነት ከታወቀችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ደረቅ አየር ነው። በበጋ ፍራሽን ደጅ አውጥቶ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማስጣት ማይቷን ያደርቃታል፤ በሲድኒ ምንጣፎች ላይ የተደረገ ሙከራም ፀሐይ እንደምትገድላት አሳይቷል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ማይቷ ብትሞትም የተከማቸው ኩስ ፍራሹ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከፀሐይ በኋላ ፍራሹን ደጅ ላይ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ይህንንም አስም ያለበት ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው አፍንጫውን ሸፍኖ ቢሠራው ይመረጣል። በክረምት ግን ማስጣት አይቻልም፤ ያን ጊዜ የሚጠቅመው ፍራሹን ከወለል ከፍ ማድረግ፣ መስኮት መክፈትና እርጥብ ልብስ መኝታ ክፍል ውስጥ አለማስጣት ነው።

ሽፋኑ ሲዘረጋ ፍራሹ ውስጥ ያለው እንዳለ ይታገዳል፤ የሕመሙን ለውጥ ለማየት ግን ወራት መጠበቅ ግድ ይላል። ሦስት ወር ሆኖት የሌሊቱ ሳል ካልቀነሰ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። እስከዚያው ድረስ ሐኪም ያዘዘው የሚሳብ መድኃኒት በሽፋን ተማምኖ አይቋረጥ፤ የትኛውም ጥናት ሽፋን መድኃኒቱን እንደሚተካ አላሳየም።