የሌሊት ቃር እና የልብ ሕመም ልዩነት

የሌሊት ቃር የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ተመልሶ ሲወጣ በተኛ ሰው ደረት ላይ የሚፈጠር የማቃጠል ስሜት ነው። ስሜቱ የሚሰማው ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ አጠገብ በመሆኑ ወደ ልብ ጡንቻ የሚደርሰው ደም ሲያንስ ከሚመጣው ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ፍንጮች አሉ፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ የሚደረግ ምንም ዓይነት ሙከራ የልብ ሕመም አለመኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም። በዚህ ምክንያት አጠራጣሪ የሆነ የደረት ሕመም በምርመራ እስኪጣራ ድረስ እንደ ልብ ሕመም ይቆጠራል።

## ስያሜ

በአማርኛ የሁለቱ ሕመሞች ስሞች ራሳቸው ለመምታታት ምክንያት ይሆናሉ። «አፈ ልብ» የሚባለው ከደረት አጥንት በታች ያለው የሆድ የላይኛው ክፍል ነው እንጂ ልብ አይደለም። ስለዚህ «ልቤን አቃጠለኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። በተቃራኒው የልብ ሕመም የያዘው ሰው «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብሎ ሊተኛ ይችላል። ሕመምተኛው ቦታውን በእጁ እንዲያሳይና ስሜቱን በራሱ ቃል እንዲገልጽ ማድረግ ከስሙ ይልቅ ይጠቅማል።

«የልብ ድካም» የሚለው ስምም ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ይውላል። አንደኛው የልብ ደም ቧንቧ በድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ መሞት ሲጀምር ነው፤ ይህ ከዚህ በታች «የልብ ጥቃት» ተብሏል። ሁለተኛው ልብ ደምን በበቂ ሁኔታ መግፋት ሲያቅተው ነው፤ «የልብ ድካም» የተባለው ይኸኛው ነው።

## የሚመሳሰሉበት ምክንያት

ከልብና ከምግብ ቧንቧ የሚነሡት የሕመም ነርቮች ወደ አከርካሪ ውስጥ የሚገቡት በተቀራራቢ ሥፍራ፣ በላይኛው የጀርባ ክፍል ነው። አንጎል መልእክቱ ከየትኛው አካል እንደመጣ አጥርቶ መለየት ስለማይችል ሕመሙ በደረት መካከል በጥቅሉ ይሰማል። ከልብ የሚመጣ ሕመም ወደ ክንድ፣ ወደ አንገትና ወደ መንጋጋ የሚሰራጨውም የእነዚህ አካላት ነርቮች በዚያው አካባቢ ስለሚገናኙ ነው።

## የሌሊት ቃር ባሕርይ

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ በር የሚያገለግል የጡንቻ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ሲላላ አሲድ ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሳለ አሲዱ በራሱ ክብደት ቶሎ ይመለሳል፤ ምራቅም እየተዋጠ ያጥበዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ግን ሰውነት አግድም ይሆናል፣ ምራቅ ይቀንሳል፣ መዋጥም ይሳሳል። ስለዚህ የሌሊት አሲድ በምግብ ቧንቧው ውስጥ ከቀኑ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ቃር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከባድ ወይም ቅባት የበዛበት እራት ተበልቶ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሲተኛ ነው። ስሜቱ ከአፈ ልብ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ማቃጠል ሲሆን በአፍ ውስጥ ኮምጣጣ ወይም መራራ ጣዕም፣ ግሳት ወይም ሳል አብሮት ሊኖር ይችላል። ጎንበስ ሲሉ ይብሳል። ለወራት በተመሳሳይ መልክ ሲመላለስ የቆየ፣ ደረጃ ሲወጡ ወይም ዳገት ሲሄዱ የማይመጣ ከሆነ ቃር የመሆን ዕድሉ ይጨምራል።

## በሌሊት የሚመጣ የልብ ሕመም

ከልብ የሚመጣ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው እንደ ማቃጠል ሳይሆን እንደ መጫን፣ መጨምደድ ወይም መክበድ ነው። ሆኖም አንዳንድ ሰዎች በእርግጥ እንደ ማቃጠል ይሰማቸዋል። ቀደም ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት በፍጥነት ሲራመዱ ወይም ዕቃ ሲያነሡ የሚመጣና ሲያርፉ የሚለቅ የደረት መጨነቅ ከነበረ ጥርጣሬው ወደ ልብ ያጋድላል። እንዲህ ያለው ሕመም አሁን ያለ ምንም ሥራ፣ በእንቅልፍ ላይ እያሉ መምጣት ከጀመረ የደም ቧንቧው መጥበብ እየባሰ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል አስቸኳይ ነው።

የልብ ድካም ያለበት ሰው ደግሞ ተኝቶ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ትንፋሽ አጥሮት ሊነቃ ይችላል። ቀን በእግር ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ሲተኛ ወደ ደም ተመልሶ በሳንባ ላይ ጫና ስለሚፈጥር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ትራስ መደራረብ ይጀምራል፤ እግሩም ያብጣል።

የስኳር ሕመም ባለባቸው፣ በዕድሜ በገፉና በሴቶች ላይ የልብ ጥቃት ደረትን አጥብቆ ሳያም ሊመጣ ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም የአፈ ልብ ሕመም ብቻ ሊታይ ስለሚችል በጨጓራ ሕመም ይሳሳታል።

## አሳሳች የቤት ውስጥ ሙከራዎች

ሕመሙ ቃር መሆኑን ለማረጋገጥ ሰዎች የሚሞክሯቸው ሦስት ነገሮች በተለይ ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው የጨጓራ ሽሮፕ ወይም ወተት መጠጣት ነው። ሽሮፕ ከተጠጣ በኋላ ሕመሙ ቢለቅም ልብ አይደለም ማለት አይደለም። በልብ ደም ቧንቧ መጥበብ የሚመጣ ሕመም በራሱ ጊዜ ሊለቅ ስለሚችል ሕመምተኛው የለቀቀውን በሽሮፑ ነው ብሎ ያስባል።

ሁለተኛው ቀና ብሎ መቀመጥ ነው። መቀመጥ አሲድን ወደ ታች ስለሚመልስ ቃርን ያስታግሳል። ነገር ግን በልብ ድካም ምክንያት የሚመጣውን የትንፋሽ ማጠርም ያቀልላል። የልብ ሽፋን ሲቆጣ የሚመጣው የሚወጋ ሕመምም እንዲሁ በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፤ ተቀምጠው ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ስነሣ ተሻለኝ» የሚለው ምልክት ብቻውን ቃር መሆኑን አያሳይም።

ሦስተኛው ናይትሮግሊሰሪን የተባለው ከምላስ ሥር የሚደረግ የልብ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት የልብ ደም ቧንቧን ብቻ ሳይሆን የምግብ ቧንቧን ጡንቻም ያላላል። በመሆኑም ማስታገሱ ሕመሙ የልብ መሆኑን፣ አለማስታገሱም የልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

## ምሳሌ

የሚከተሉት ሁለት ምሳሌዎች ፍንጮቹ እንዴት አንድ ላይ እንደሚመዘኑ ለማሳየት የቀረቡ ናቸው።

የ30 ዓመት ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቅባት የበዛበት ወጥ በልታ 5 ሰዓት ላይ ተኛች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወደ ጉሮሮዋ የሚወጣ ማቃጠልና ኮምጣጣ ጣዕም ቀሰቀሳት። ለአንድ ዓመት ያህል አምሽታ በበላች ቁጥር ተመሳሳይ ነገር ይሰማታል። ዳገት ስትወጣ አያማትም፤ አላላባትም፣ ትንፋሽም አላጠራትም። ይህ የቃር መልክ ነው። ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዳ መታየት ትችላለች።

የ56 ዓመት ሰው የስኳር ሕመም አለበት፤ ሲጋራም ያጨሳል። እሱም አምሽቶ በልቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አፈ ልቡን እያቃጠለው ነቃ። ሽሮፕ ጠጣ፤ ተቀመጠ፤ ጥቂት ቀለለው። ነገር ግን 20 ደቂቃ ቢያልፍም አለቀቀውም፤ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፤ መንጋጋውም ከበደው። ባለፈው ሳምንት ፈጥኖ ሲራመድ ደረቱ ይጨነቅ እንደነበርም አስታወሰ። እራቱ፣ ማቃጠሉና የሽሮፑ ማስታገስ ወደ ቃር ቢያመለክቱም ላቡ፣ የመንጋጋው ክብደት፣ የሕመሙ ቆይታና ያለፈው ሳምንት ታሪክ ይበልጣሉ። ይህ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም።

## አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ወዲያውኑ ርዳታ ይጠራል፦

* ጥቂት ደቂቃዎች አርፈው የማይለቅ ወይም እየለቀቀ የሚመለስ የደረት መጫን፣ መጨምደድ ወይም አዲስ ዓይነት ማቃጠል
* ወደ ክንድ፣ ትከሻ፣ አንገት፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ የሚሰራጭ ሕመም
* ከሕመሙ ጋር ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ ራስን መሳት ወይም የተዛባ የልብ ምት
* በድንገት የጀመረ፣ እንደ መቀደድ የሚሰማና ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ከባድ ሕመም፤ ይህ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል
* ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፤ ይህ የልብ ሳይሆን የጨጓራ ወይም የአንጀት መድማት ምልክት ቢሆንም እኩል አስቸኳይ ነው

ምግብ ሲውጡ መቸገርና ያለ ምክንያት መክሳት የዚያኑ ሌሊት ሩጫ ባይጠይቁም በቅርብ ቀናት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

## ርዳታ እስኪደርስ

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአሜሪካ 911፣ በአብዛኛው አውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ 998 ነው። አምቡላንስ በቶሎ የማይገኝ ከሆነ ሌላ ሰው ሕመምተኛውን ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይወስደዋል። ሕመምተኛው ራሱ ማሽከርከር የለበትም፤ በመንገድ ላይ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሕመምተኛው ከመራመድ ተቆጥቦ ትንፋሽ በሚቀለው ሁኔታ ይቀመጣል። የልብ ጥቃት ሲጠረጠር ወደ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አኝኮ መዋጥ የደም መርጋቱን ሊገታ ይችላል፤ ማኘኩ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲሠራ ነው። ነገር ግን አስፕሪን የማይስማማው፣ ደም የሚያስመልስ ወይም የሚደማ ቁስል ያለበት፣ ወይም የመቀደድ ዓይነት ሕመም የያዘው ሰው መውሰድ የለበትም። የተቻለ እንደሆነ በስልክ ባለሙያ ጠይቆ መስጠት ይመረጣል። አስፕሪን ፍለጋ ተብሎ ጉዞ አይዘገይም።

## ምርመራ

በሆስፒታል በመጀመሪያ የሚደረገው የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው የኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ ነው። ሕመምተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ ይመከራል። የመጀመሪያው ኢ.ሲ.ጂ. ደህና መሆኑ ብቻውን ልብን ነጻ አያወጣም፤ ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀቀው ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲንም ለመጨመር ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ደሙ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና ይመረመራል። ስለዚህ ከአንድ ምርመራ በኋላ «ጨጓራ ነው» ብሎ ወደ ቤት መመለስ ሊያሳስት ይችላል።

## ቃር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ

እራትን ከመኝታ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መብላት፣ የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና በግራ ጎን መተኛት የአሲዱን መመለስ ይቀንሳሉ። ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን የአልጋውን እግር በእንጨት ወይም በጡብ እንደማንሣት አይጠቅምም። ሐኪም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

ቃር ያለበት ሰው የልብ ሕመምም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ የተለመደውን መልክ ከቀየረ፣ ለምሳሌ ከረዘመ፣ ከተሰራጨ ወይም በእንቅስቃሴ ጊዜ መምጣት ከጀመረ፣ የቀድሞው ምርመራ ውጤት ለአዲሱ ሕመም መልስ አይሆንም።