የባለቤት ወጪና ደመወዝ (በአነስተኛ ድርጅት)

የባለቤት ወጪ ባለቤቱ ከድርጅቱ ካዝና ለግል ኑሮው የሚያነሳው ገንዘብ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኞች በተለምዶ «ድሮዊንግ» ይሉታል። ደመወዝ ግን ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ስለሆነ ለድርጅቱ ወጪ ነው። በኢትዮጵያ ልዩነቱ የሚወሰነው ድርጅቱ በሕግ ፊት ከባለቤቱ የተለየ ሰውነት ያለው በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ነው።

በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ነጋዴና ንግዱ አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ ለራሱ «ደመወዝ» ብሎ ቢመዘግብም ከትርፍ አይቀነስለትም። የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ ግብሩ የሚታሰበው በዓመቱ ትርፍ ላይ ነው፤ ገንዘቡን አወጣው፣ አላወጣው ለውጥ የለውም። ያነሳው ገንዘብ ካፒታሉን ብቻ ይቀንሳል።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የተፈቀደውን ባለ አንድ አባል ማኅበር ጨምሮ፣ ነገሩ ይለወጣል። የማኅበሩ ገንዘብ የአባሉ አይደለም። በሕጋዊ መንገድ የሚደርሰው ወይ በሥራ አስኪያጅነት ደመወዝ፣ ወይ በትርፍ ድርሻ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የመጀመሪያ ምጣኔዎች እናስላው። ሥራ አስኪያጁ በወር 20,000 ብር ደመወዝ ቢያገኝ፣ የሥራ ግብሩ 5,500 ብር ነው፤ በዓመት ከ240,000 ብር 66,000 ተቀንሶ 174,000 ይቀረዋል። ደመወዙ የማኅበሩን ትርፍ ስለሚቀንስ በዚህ ገንዘብ ላይ የንግድ ትርፍ ግብር አይከፈልም። ይኸው 240,000 ብር በትርፍነት ቢቆይ ግን ማኅበሩ መጀመሪያ 30 በመቶ፣ ማለትም 72,000 ብር ይከፍላል። ከቀሪው 168,000 ላይ ደግሞ 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግብር ተቆርጦ 151,200 ብር ለአባሉ ይደርሳል። ብልጫው 22,800 ብር ነው።

ይህ ብልጫ በአብዛኛው የሚመጣው ከደመወዙ ዝቅተኛ እርከኖች ነው። ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ሲሆን ሁለቱ የትርፍ ግብሮች ሲደመሩ 37 በመቶ ስለሚሆኑ፣ ደመወዙን ከዚያ በላይ ማሳደግ ጥቅሙ ትንሽ ነው። የጡረታ መዋጮ የሚመለከተው ከሆነ ደግሞ 7 በመቶ፣ 16,800 ብር፣ ከእጁ ይወጣል፤ ማኅበሩም 11 በመቶ ይጨምራል። መዋጮውን እንደ ቁጠባ የማይቆጥር ሰው ብልጫውን ሊያጣው ይችላል። የ2017 ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ስላሳደገ፣ ለአሁኑ ጊዜ ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት።

ጉዳት የሚያመጣው ሦስተኛው መንገድ ነው። አባሉ እንደ ግል ነጋዴ ከማኅበሩ ሂሳብ ያወጣል፣ የሂሳብ ሠራተኛውም «ከአባል ተሰብሳቢ» ብሎ ይመዘግበዋል። ብድር በእርግጥ ብድር ከሆነ ችግር የለበትም። የብድር ውል ሳይኖር፣ ምንም ሳይመለስ ቀሪው ከዓመት ዓመት ካደገ ግን፣ በይዘቱ ትርፍ ማከፋፈል ነው፤ አዋጁም እንዲህ ያለውን ብድር በትርፍ ድርሻነት ይይዘዋል። ያን ጊዜ ግብሩ በቅጣትና በወለድ ይጠየቃል። በዓመቱ መጨረሻ የሂሳብ መግለጫ ላይ የዚህን መስመር ቀሪ ካለፈው ዓመት ጋር ማስተያየት አደጋውን ቀድሞ ያሳያል።