ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ኅብረ ቃል፦ ሁለት ትርጉም የሚቆምበትና የሚወድቅበት ምክንያት



በሥዕል ሥር ጽሑፍ ማኖር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ የምናገኘው የግእዝ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ ድርጊቱ እንዴት እንደ ተፈጸመ ይናገራል ማለት ነው። የንግሥት ሳባን ታሪክ በረድፍ የሣሉ የኋላ ዘመን ሠዓልያንም በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጽፈዋል። የእነዚህ ጽሑፎች ተግባር ትርጉምን መዝጋት ነው፤ ተመልካቹ ማን ማን እንደ ሆነ እንዳይሳሳት። ዛሬ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ቀልደኛ ቃል ግን ተቃራኒውን ይሻል። አንድ ቃል በሁለት ትርጉም እንዲነበብ በሩን ክፍት ይተዋል። የቅኔ መምህራን ይህን ዓይነቱን «ኅብር» ይሉታል።

ለዚህ ጨዋታ ፊደላችን የተለየ ምቾት ይሰጣል፤ መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። «ገና» ሲላላ «እስከ አሁን አልሆነም» የሚል ስሜት አለው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ተናጋሪ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል፤ ጸሓፊ ግን አይመርጥም። ተሠርቶ ያላለቀ መንገድ ፎቶ ታኅሣሥ 29 ቀን ቢለጠፍና ከሥሩ «ገና ነው» ተብሎ ቢጻፍ፣ መንገዱ አንዱን ንባብ፣ ዕለቱ ሌላውን ይደግፋል። ያው ፎቶ በሐምሌ ቢለጠፍ ግን በዓሉ መቆሚያ ስለሌለው ቀልዱ ይሞታል። ያው ቃል ጮክ ተብሎ ሲነበብም እንደዚሁ ነው፤ ድምፁ አንዱን በር ይዘጋዋል።

ድጋፍ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰዋስውም መፍቀድ አለበት። «ሰፊ» ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ሥራውን ከሚሠራ ልብስ ሰፊ ፎቶ ሥር «ሰፊ ነው» ብንል ሁለቱም ንባብ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል። «ሰፊ ልብስ» ብንል ግን ባለሙያው «ልብስ ሰፊ» እንጂ «ሰፊ ልብስ» ስለማይባል፣ አንባቢው የልብሱን ስፋት ብቻ ያነባል። ስለዚህ አንድን ኅብር ለመፈተን ቃሉን አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ አላልቶ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ መንገድ ላይ ከተሰበረ ጨዋታው አልቆመም።

ሁለተኛው ዓይነት ቃልን በመክፈልና በማጋጠም የሚገኘው ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአርሲዋ ልጅ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ስሟን የጠራ ሁሉ ሳያስበው ያሞግሳት ነበር፤ «ጥሩነሽ» እና «ጥሩ ነሽ» ለጆሮ አንድ ናቸውና። በጽሑፍ ግን በቃላት መካከል ያለው ክፍተት፣ ቀድሞም ሁለቱ ነጥብ፣ ጸሓፊውን ያስመርጠዋል። ከፎቶዋ ሥር «ጥሩነሽ» ቢል ስም ብቻ ነው፤ ማንም ጨዋታ መኖሩን አያስተውልም። «ጥሩ ነሽ» ቢል ግን ስሙን ፎቶው ያመጣል፣ ሙገሳውን ጽሑፉ ይሰጣል፤ ኅብሩም ይሞላል። ያንኑ ጽሑፍ ከሌላ ሴት ፎቶ ሥር ብናኖረው ተራ ሙገሳ ይሆናል። ፊደል የዘጋውን በር እዚህ የከፈተው ሥዕሉ ነው።

እንደ አሰላና አካባቢዋ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አብረው በሚነገሩበት አገር ሦስተኛ ጉዳይ ይጨመራል፤ እርሱም የአንባቢው ቋንቋ ነው። በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ የሆነው ቁቤ በአብዛኛው የሚጠብቀውን ተነባቢ በድርብ ፊደል፣ ረጅሙንም አናባቢ እንዲሁ በድርብ ይጽፋል። ስለዚህ በ«ገና» ያየነው ዓይነት ኅብር በቁቤ ገጽ ላይ ለመቆም ይቸገራል፤ ጽሕፈቱ ምርጫውን አስቀድሞ ያደርጋልና። በሌላ በኩል ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ካሸነፈችው ከደራርቱ ቱሉ ፎቶ ሥር «ደራርቱ አበበች» ተብሎ ቢጻፍ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ የድል ዜና በዘይቤ ያነባል። አፋን ኦሮሞ የሚያውቀው ግን «ደራርቱ» ራሱ ከማበብ የመጣ ስም መሆኑን ስለሚረዳ፣ ስሙና ግሱ አንዱ ሌላውን ሲተረጉም ያገኛቸዋል። በቅንፍ ውስጥ ፍቺ ብንጨምርለት የመጀመሪያው አንባቢ ዕውቀት ያገኛል፤ ቀልዱን ግን አያገኝም። ራሱ ያልፈታው ኅብር «ዘከመ» ከሚለው ጽሑፍ አይለይምና።