ጭነት ሳይቋረጥ የሚሠራ ታፕ ቼንጀርና የመስመር ቮልቴጅ ማካካሻ

ታፕ ቼንጀር የትራንስፎርመርን ጥምጥም ዙሮች በመጨመርና በመቀነስ ቮልቴጅን የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቤርንሃርድ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1927 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ሥርዓት፥ መራጩ ክንድ አስቀድሞ ኮረንት የሌለበትን ቀጣይ ታፕ ይይዛል፤ ከዚያም ማሻገሪያው ማብሪያ ኮረንቱን ከሰከንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያሸጋግራል፤ ሁለቱ ታፖች ለቅጽበት ሲገናኙም በመካከላቸው የሚዞረውን ኮረንት የሽግግር ሬዚስተሮች ይገቱታል።

መቼ እንዲሻገር የሚያዝዘው ሪሌይ ነው። ሪሌዩ ትእዛዝ የማይሰጥበት የመታገሻ ወሰን ከአንድ የታፕ እርምጃ ሊሰፋ ይገባዋል፤ ያለዚያ እያንዳንዱ እርምጃ ወሰኑን በሌላው ወገን ስለሚያልፍ፥ መሣሪያው ያለ ዕረፍት ሲመላለስ ይውላል። ለአላፊ መዋዠቅም እንዳይነሣሣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይታገሣል።

ይሁን እንጂ ሪሌዩ የሚያየው የጣቢያውን ቮልቴጅ እንጂ በመስመሩ ጫፍ የሚኖረውን ሰው መብራት አይደለም፤ ስለዚህ ማካካሻው ከኮረንቱና ከመስመሩ ጠባይ የሚጠፋውን ያሰላል። ለምሳሌ በ15,000 ቮልት መስመር 200 አምፔር ቢፈስ፥ ሬዚስታንሱ 1.5 ኦም፥ ሪአክታንሱ 2 ኦም፥ የኃይል አባዢውም 0.8 ቢሆን፥ በእያንዳንዱ ፌዝ 200 × (1.5 × 0.8 + 2 × 0.6) = 480 ቮልት፥ በፌዞች መካከልም 830 ቮልት ያህል ይጠፋል። ስለዚህ ጣቢያው 15,830 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ሌሊት ኮረንቱ ወደ 40 አምፔር ሲወርድ ግን ጭማሪው 166 ቮልት ብቻ ይሆናል።

የኮረንት መለኪያው ትራንስፎርመር ሽቦ ተገልብጦ ከታሰረ ማካካሻው በተቃራኒው ይሠራል፤ ምልክቱም ጭነት በሚበዛበት ምሽት ታፑ ቮልቴጅን ማውረዱ ነው።